የደረሰብዎን አደጋ በጽሑፍ ሲያስረዱ፦ ኃላፊ ጊዜን፣ አድራጊ ግስንና «እኔ»ን በትክክል መጠቀም

ሐዋሳ ውስጥ ባጃጅ የገጨው ሰው ለትራፊክ ፖሊስ ወይም ለኢንሹራንስ፣ ሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛም ለመሥሪያ ቤቱ ጽሑፍ ማቅረብ ሲኖርበት ደጋግሞ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ተገጨሁ ልበል፣ ገጨኝ ልበል፣ ወይስ ግጭት ደረሰብኝ?» ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ «አመልካች ብዬ ልጀምር ወይስ እኔ ብዬ?» የሚለው ነው። ይህ መመሪያ ሁለቱንም ይመልሳል። ምሳሌው በሙሉ አንዲት እግረኛ ከመናኸሪያ ወደ ፒያሳ ስትሄድ ባጃጅ ገጨኝ ብላ የምትጽፈው ቃል ነው። ታሪኩ ለማስተማሪያ የተዘጋጀ ነው፤ የግሶቹ አጠቃቀም ግን ለማንኛውም አደጋ፣ ጠብ ወይም ስርቆት ይሠራል።

የሚያስፈልግዎ

- ሁለት ሉክ ወረቀት፤ አንዱ ለረቂቅ፣ አንዱ ለንጹሕ ቅጂ
- እርሳስ፣ እንዲሁም ሰማያዊ ወይም ጥቁር እስክሪብቶ
- ቀይ እስክሪብቶ (ለማረሚያ ብቻ)
- ስልክዎ፤ የጥሪ ዝርዝሩና ፎቶዎቹ ሰዓቱን ያስታውሱዎታል
- በቦታው ያልነበረ አንድ ሰው፤ በመጨረሻው ደረጃ ያስፈልግዎታል
- ሳይቸኩሉ የሚጽፉበት አንድ ሰዓት

1. መጀመሪያ አንድ ድርጊት በአንድ መስመር ይጻፉ

በረቂቁ ላይ አያያዥ ቃል ሳይጨምሩ ድርጊቶቹን ብቻ ወደ ታች ይዘርዝሩ። «ቆምኩ። አየሁ። መሻገር ጀመርኩ። ገጨኝ። ወደቅኩ።» በዚህ ደረጃ ስለ ውበት አይጨነቁ።

ይህን የምናደርገው በአማርኛ ስንናገር ድርጊቶችን «ሄጄ፣ ቆሜ፣ አይቼ» እያልን በቦዝ አንቀጽ መቀጠል ስለምንወድ ነው። ቦዝ አንቀጽ የራሱ ጊዜ የለውም፤ ጊዜውን የሚያገኘው መጨረሻ ላይ ከሚመጣው ማሰሪያ አንቀጽ ነው። አምስት ድርጊት ደርድረው ማሰሪያውን ከረሱት ወይም «ይለኛል» ብለው ካሰሩት፣ ከፊቱ ያሉት አምስቱም ጊዜያቸውን ያጣሉ። እያንዳንዱን ለብቻው ካሰሩት ግን የትኛው እንደቀደመ፣ የትኛውንም ማን እንዳደረገው ወዲያው ይታያል።

2. እያንዳንዱን ግስ በኃላፊ ጊዜ ይሰሩ

ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብለው ይሂዱ።

ለተፈጸመ ድርጊት የሚያስፈልግዎ ቀላሉ ኃላፊ ነው፦ ቆምኩ፣ ገጨኝ፣ ወደቅኩ፣ ወሰደችኝ። «ወደቅሁ»ም «ወደቅኩ»ም ትክክል ናቸው፤ አንዱን መርጠው እስከ መጨረሻው ይዝለቁ። «አየሁ»፣ «ሰማሁ» ግን ሁልጊዜ በ«ሁ» ናቸው።

ቡና ላይ ሲያወሩ «ይመጣል፣ ይገጨኛል፣ እወድቃለሁ» ማለት ያምራል፤ አድማጩ ድርጊቱን በዓይኑ ያየዋል። በጽሑፍ ግን ችግር አለው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ባጃጁ ከኋላ ይገጫል» ብለው ቢጽፉ፣ «ጫ»ን አጥብቆ የሚያነበው ባጃጁን ተገጪ፣ አላልቶ የሚያነበው ገጪ ያደርገዋል። «ይመታል»ም እንዲሁ ነው። በኃላፊ ጊዜ ግን «ገጨ» እና «ተገጨ»፣ «መታ» እና «ተመታ» በፊደልም ይለያያሉ። ስለዚህ ኃላፊ ጊዜ መጻፍ ጥፋቱን ያደረሰውንና የደረሰበትን ይለይልዎታል።

ቀጥሎ «ነበር» የሚለውን ቃል በቀይ ያክብቡ። ብዙ ሰው ያለፈ ነገር ሁሉ «ነበር» የሚያስፈልገው ይመስለዋል። እነዚህን ያስተያዩ፦

- «ወደቅኩ» ማለት መውደቅዎ የተረጋገጠ ነው።
- «ልወድቅ ነበር» ማለት ለጥቂት ተረፍኩ ማለት ነው፤ አልወደቁም።
- «ወድቄ ነበር» ደግሞ ሁለት መንገድ ይወስዳል። ከዚያ በፊት ወድቄ ነበር ማለትም ይሆናል፤ «ባይደግፈኝ ወድቄ ነበር» እንደምንለው፣ ሳይወድቁ የቀሩበትን ሁኔታም ይገልጻል።

ጉዳት ደረሰብኝ ብሎ ለሚያመለክት ሰው በሁለተኛውና በመጀመሪያው መካከል ያለው ልዩነት ካሳ የማግኘትና ያለማግኘት ልዩነት ሊሆን ይችላል። ዋናውን ድርጊት ከ«ነበር» ነጻ ያድርጉት። «ነበር»ን ለሁለት ነገር ብቻ ያስቀሩት፦ በመካሄድ ላይ ለነበረ («በእግሬ እየሄድኩ ነበር») እና ከአደጋው በፊት ለነበረ ሁኔታ («ባጃጁ ዳር ይዞ ቆሞ ነበር»)። «ባጃጁ ቆመ» ካሉ ግን ሲሄድ የነበረው ባጃጅ ያን ጊዜ ቆመ ማለት ነው። የቆመ ባጃጅና የሚሄድ ባጃጅ በአደጋ ጉዳይ አንድ አይደሉም።

ሌላው ብዙ የሚያሳስተው እርስዎ በዚያች ቅጽበት የት እንደነበሩ የሚናገረው ግስ ነው፦

- «ልሻገር ስል ገጨኝ»፦ ገና አስፋልቱ ዳር ነዎት።
- «ስሻገር ገጨኝ»፦ አስፋልቱ ላይ ነዎት።
- «ከተሻገርኩ በኋላ ገጨኝ»፦ ወዲያ ማዶ ደርሰዋል።
- «ተሻግሬ ገጨኝ»፦ መሻገርዎ አልቋል የሚል ስሜት ይሰጣል፤ ብዙ ሰው ግን «ስሻገር» ለማለት ይጽፈዋል።

ትራፊክ ፖሊሱ ፕላን ሲያነሳ አስፋልቱ ላይ ምልክት አግኝቶ የእርስዎ ቃል «ተሻግሬ» የሚል ከሆነ፣ ሁለቱ አይገናኙም። ሳይዋሹ ቃልዎ የተለያየ ይመስላል። የነበሩበትን ቦታ በዓይነ ሕሊናዎ አይተው ከመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንዱን ብቻ ይምረጡ።

ኃላፊ የማይሆኑትን ደግሞ አይንኩ። ዛሬም እውነት የሆነ ነገር በአሁን ጊዜ ይቀራል። «መንገዱ ጠባብ ነበር» ካሉ አንባቢው ከዚያ ወዲህ የሰፋ ሊመስለው ይችላል፤ «መንገዱ ጠባብ ነው» ይበሉ። እስካሁን ያለ ጉዳትም «እጄ በጀሶ ታስሯል» ተብሎ ይጻፋል። «ታስሮ ነበር» ካሉ ጀሶው ተፈትቷል ማለት ነው።

«ትናንት»፣ «ዛሬ ጠዋት» የሚሉትን በቀን ይተኩ። ጽሑፉ የሚነበበው ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ስለሚችል «ትናንት» የትኛው ቀን እንደሆነ አይታወቅም። ሰዓቱንም «ከቀኑ» ወይም «ከምሽቱ» ብለው ይጻፉ።

3. «ተ»ን እየፈለጉ አድራጊውን ያውጡ

ትምህርት ቤት ገቢርና ተገብሮ፣ ወይም አድራጊና ተደራጊ ብለው የተማሩት ነው። በረቂቁ ላይ በ«ተ» የሚጀምሩትን ግሶች ሁሉ በቀይ ያስምሩ። ከዚያ በእያንዳንዱ ላይ «ይህን ያደረገው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ከሦስት አንዱ ይሆናል።

*ሌላ ሰው ነው።* «ተገጨሁ»፣ «ተገፈተርኩ»፣ «ተወሰድኩ» የዚህ ወገን ናቸው። አድራጊውን ካወቁ አምጥተው ፊት ያስቀምጡት፦ «ባጃጁ ገጨኝ»፣ «አንዲት ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ»። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጽሑፉን የሚያነበው ሰው ቀጥሎ የሚፈልገው የሚጠይቀውን ሰው ነው። «ተወሰድኩ» ከሚለው ውስጥ ምስክር አያገኝም፤ «ወሰደችኝ» ከሚለው ግን አንዲት ምስክር እንዳለች ያውቃል።

*እኔው ነኝ።* «ተነሳሁ»፣ «ተመለከትኩ»፣ «ተሻገርኩ»፣ «ተመለስኩ» በ«ተ» ቢጀምሩም ተደራጊ አይደሉም። እንዳሉ ይተዉአቸው። «ተ» መጥፎ ነው ብለው የሰሙ ሰዎች ፊደሏን ሊነጥሉ ይሞክራሉ፤ «ተነሳሁ» ላይ «ተ»ን ቢያነሱ «ነሳሁ» ይሆናል፣ ይህም ከለከልኩ ማለት ነው። «ተመለስኩ»ም «መለስኩ» ሲሆን ሌላ ነገር ይናገራል።

*ሁለታችንም ነን።* «ተጋጨን»፣ «ተገፋፋን»፣ «ተማታን» የመደራረግ ግሶች ናቸው። እዚህ ላይ በጣም ይጠንቀቁ። «ከባጃጅ ጋር ተጋጨሁ» ማለት እርስዎም ባጃጁም አንዳችሁ ሌላችሁን ገጫችሁ ማለት ነው፤ ድርሻውን እኩል ያካፍላል። ቆመው ሳለ ከተገጩ «ተጋጨሁ» የሚለው ቃል ባላደረጉት ነገር ይከስዎታል። በእርግጥ ሁለታችሁም በሞተር ስትሄዱ ፊት ለፊት ከተገናኛችሁ ግን ትክክለኛው ቃል ይኸው ነው፤ ጥፋትን ለመሸሽ «ገጨኝ» አይበሉ።

ከግስ ሌላ አድራጊን የሚደብቁ ስሞችም አሉ፦ «ግጭት ተፈጠረ»፣ «ጉዳት ደረሰብኝ»፣ «አለመግባባት ተከሰተ»። የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ስለሚመስሉ ይወደዳሉ። ነገር ግን «ግጭት ተፈጠረ» ውስጥ የገጨም የተገጨም ሰው የለም። ስሙን ወደ ግስ ይመልሱት፦ ማን ማንን ገጨ?

ተደራጊው ትክክል የሚሆንበት ቦታም አለ። አድራጊውን ካላዩት አይፍጠሩት። ቦርሳዎ ከጠፋ «ሹፌሩ ወሰደው» ብሎ መገመት ያላዩትን መመስከር ነው። «ቦርሳዬ ተሰረቀ» እንኳ ቢሆን ሌባ እንዳለ ያስወስናል። «ስነሳ ቦርሳዬ በቦታው አልነበረም። ማን እንደወሰደው አላየሁም» ቢሉ እርስዎ የሚያውቁትን ሁሉ፣ ከዚያ በላይ ሳይጨምሩ ተናገሩ።

4. ከ«እኔ» አይውጡ

«አመልካች»፣ «ተበዳይ»፣ «ግለሰቧ» የሚሉትን ከአካሉ ያውጡ። «አመልካች» በማመልከቻ ራስጌ፣ ስምዎ አጠገብ ቦታው ነው። በሐተታው ውስጥ «አመልካች እየሄድኩ ሳለ» ብለው ከጻፉ ባለቤቱ ሦስተኛ መደብ፣ ግሱ አንደኛ መደብ ይሆንና ሁለት ሰው ያሉ ይመስላል። በአንጻሩ በየዓረፍተ ነገሩ «እኔ» ማለትም አያስፈልግም፤ «ቆምኩ» ሲሉ «ኩ»ዋ እርስዎን ይዛለች። «እኔ»ን ከሌላ ሰው መለየት ሲያስፈልግ ብቻ ይጠቀሙ።

«እኛ» ማለት ደግሞ የባሰ ነው። ብቻዎን ነበሩ ወይስ ከሰው ጋር የሚል ጥያቄ ያስነሳል። በተጨማሪም «ገጨን» የሚለው ቃል «እኛ ገጨን»ም «እሱ እኛን ገጨን»ም ነው። «ባጃጁ ገጨን» እና «ባጃጁን ገጨን» መካከል ያለችው አንዲት «ን» ብቻ ናት፤ በእጅ ጽሑፍ ስትዘለል ተገጪው ገጪ ይሆናል። ሁለት ሰዎች ከነበራችሁ «ባጃጁ እኔንና እህቴን ገጨን» ብለው ይጻፉ፤ እህትዎም የራሷን ቃል ለብቻዋ ትጻፍ።

«ሰው ሲሻገር እኮ አያዩም»፣ «ስትሻገር ይመጣብሃል» የመሳሰለው አነጋገር ስለ ሰው ሁሉ ስለሚያወራ ስለ እርስዎ ምንም አይመሰክርም። ያውጡት።

አንደኛ መደብ የሚጠቅመው እውቀቱ ከየት እንደመጣ ስለሚያሳይም ነው። «አየሁ»፣ «ሰማሁ»፣ «ነገረኝ» የሚሉትን ለያይተው ይጻፉ። «እጄ ተሰብሯል ተባለ» ማለት ማን እንዳለው አያሳይም፤ «የመረመረኝ ሐኪም አጥንቱ መሰንጠቁን ነገረኝ» ይበሉ።

ሌላ ሰው የተናገረውን ሲጠቅሱ ትምህርተ ጥቅስ አይርሱ። በአማርኛ የሰው ንግግር በ«አለ» ሲጠቀስ የተናጋሪው «እኔ» እንዳለ ይገባል። ጥቅሱ ካልተለየ «ሹፌሩ ሲወርድ አላየሁም አለኝ» የሚለውን አንዱ «ሹፌሩ ‹አላየሁም› አለኝ»፣ ሌላው «ሹፌሩ ሲወርድ እኔ አላየሁም» ብሎ ሊጀምረው ይችላል። «አሽከርካሪው ከባጃጁ ወርዶ፣ ‹አላየሁሽም› አለኝ» ሲሉ ግን ሁለቱ «እኔ»ዎች አይምታቱም።

አሽከርካሪው በዕድሜ የገፉ ከሆኑና በአንቱታ መጻፍ ከፈለጉ «ገጩኝ» የብዙ ሰውም ግስ መሆኑን ያስታውሱ። መጀመሪያ ላይ «አሽከርካሪው አንድ አዛውንት ናቸው» ብለው ቁጥሩን ያስረዱ።

5. አሁን መስመሮቹን ያያይዙ

ሐተታው የሚቆራረጥ እንዳይሆን ቦዝ አንቀጽ መመለስ ይችላሉ፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግን ከሁለት አይበልጥ፣ ባለቤታቸውም አንድ ይሁን። «ወርዶ አለኝ» ጥሩ ነው፤ የወረደውም ያለውም እሱ ነው። «ወርዶ፣ ተነስቼ፣ ይዛኝ ሄደች» ውስጥ ግን ሦስት ሰዎች ተቀላቅለዋል።

መጀመሪያ የተጻፈው ይህን ይመስል ነበር እንበል፦

«አመልካች ከመናኸሪያ ወደ ፒያሳ እየሄድኩ መንገዱን ተሻግሬ ከባጃጅ ጋር ግጭት ተፈጥሮ ወድቄ ነበር። ሹፌሩ ይወርዳል፣ አላየሁም ይለኛል። ከዚያ ጤና ጣቢያ ተወሰድኩ፣ ቦርሳዬም ተወሰደ። እጄ ተሰብሯል ተባለ። ባጃጁ በፍጥነት ይነዳ ነበር።»

ከአራቱ ደረጃዎች በኋላ እንዲህ ይሆናል፦

«ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ከመናኸሪያ ወደ ፒያሳ በእግሬ እየሄድኩ ነበር። መንገዱን ከመሻገሬ በፊት ቆምኩ። ወደ ግራ ተመለከትኩ፤ የሚመጣ ተሽከርካሪ አላየሁም። መሻገር ጀመርኩ። ስሻገር፣ የመንገዱን መሃል እንዳለፍኩ፣ አንድ ሰማያዊ ባጃጅ ከቀኝ በኩል መጥቶ ቀኝ ጭኔን ገጨኝ። በግራ እጄ ላይ ወደቅኩ። ከዚያ በፊት የጥሩምባም የፍሬንም ድምፅ አልሰማሁም። ባጃጁ ከገጨኝ በኋላ ስድስት እርምጃ ያህል ሄዶ ቆመ። አሽከርካሪው ወርዶ፣ ‹አላየሁሽም› አለኝ። ስነሳ ቦርሳዬ በቦታው አልነበረም፤ ማን እንደወሰደው አላየሁም። በባጃጁ ተሳፍራ የነበረች ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። የመረመረኝ ሐኪም የግራ እጄ አንጓ አጥንት መሰንጠቁን ነገረኝ። እጄ አሁን በጀሶ ታስሯል።»

«በፍጥነት ይነዳ ነበር» የሚለው ለምን እንደወጣ ልብ ይበሉ። ጸሐፊዋ ባጃጁን ከመገጨቷ በፊት አላየችውም፤ ፍጥነቱን በዓይኗ አልለካችም። በምትኩ የሰማችውንና ያየችውን ጻፈች፦ ድምፅ አለመኖሩንና የስድስት እርምጃውን ርቀት። ስለ ፍጥነቱ መርማሪው ከዚህ ይነሳል። በአንጻሩ ወደ ግራ ብቻ መመልከቷንም አልደበቀችም፤ «ግራ ቀኙን አየሁ» ብላ ብታሳምረው ኖሮ፣ ከቀኝ የመጣውን ባጃጅ እንዴት አላየሽውም የሚል ጥያቄ ይከተላት ነበር። «ታስሯል» ተደራጊ ሆኖ የቀረው ማን እንዳሰረው ጉዳዩን ስለማይለውጥ ነው።

6. በቦታው ላልነበረው ሰው ያንብቡለትና ፕላን ያስነሱት

ሰውየው ወረቀት ላይ መንገዱን፣ እርስዎን፣ ባጃጁንና የወደቁበትን ቦታ እየሳለ ይስማ። እርስዎ ምንም አያብራሩ። አስፋልት ዳር ከሳለዎት «ስሻገር» የሚለው ጠፍቷል ወይም ተሳስቷል። «ማን ነው የወሰደሽ?» ብሎ ከጠየቀ አንድ «ተ» አምልጦዎታል። የጠየቀውን እያንዳንዱን ነገር በረቂቁ ላይ አርመው ከዚያ ወደ ንጹሑ ወረቀት ይገልብጡ።

ማስጠንቀቂያ

- ራፖር ጸሐፊ ካጻፉ ከመፈረምዎ በፊት ጽሑፉ ተነቦ ይስሙት። ጸሐፊዎች ከልምድ «ተገጨሁ»ን ወደ «ግጭት ደረሰብኝ»፣ «እኔ»ን ወደ «አመልካች» ሊለውጡት ይችላሉ። ያላሉትን ቃል ካገኙ ይታረምልኝ ይበሉ።
- ከፈረሙ በኋላ በራስዎ ቅጂ ላይ ግስ አይሰርዙ፣ አይደልዙ። ስህተት ካገኙ ቀን ጠቅሰው ተጨማሪ ቃል ይስጡ።
- ሐሳብዎ የሚፈስልዎ በሲዳምኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ከሆነ መጀመሪያ በዚያው ይናገሩ፤ ሲተረጎም ግን ማን ማንን እንደገጨና የት ቦታ እንደነበሩ ሁለቱን ብቻ ለይተው ያስደግሙ።
- ያላስታወሱትን ድርጊት ግስ አይስጡት። «ከወደቅኩ በኋላ እስከምነሳ ድረስ ያለውን አላስታውስም» ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እዚህ አሁን ጊዜው ትክክል ነው፣ አለማስታወስዎ ዛሬም ስላለ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

በኃላፊ ጀምሮ መሃል ላይ ወደ «ይላል» መግባት ከሁሉ ይበዛል፤ የሚከሰተውም ሰው የተናገረውን መጥቀስ ሲጀምሩ ነው። ስለዚህ ማረም ሲጀምሩ መጀመሪያ «አለኝ» መሆን የሚገባቸውን «ይለኛል»ዎች ይፈልጉ። ሁለተኛው ስህተት የራስን ድርጊት በተደራጊ፣ የሌላውን በአድራጊ መጻፍ ነው፤ «መንገዱ ሳይታይ ተገባ፣ እሱ ግን ገጨኝ» ዓይነት። ሳያዩ ከገቡ «ሳላይ ገባሁ» ብለው ይጻፉት፤ አንባቢው «ተገባ»ን ሲያይ የሚያቆመው እዚያች ቃል ላይ ነው፣ የቀረውንም በጥርጣሬ ያነበዋል። ሦስተኛው ደግሞ «ሊገጨኝ ነበር»ን ለ«ገጨኝ» መጠቀም ነው፤ «ሊ» እና «ነበር» አንድ ላይ ባሉበት ሁሉ ድርጊቱ አልተፈጸመም።